ዘጠኝን መግደፍ፦ የአሃዞች ድምር የሚናገረውና የማያየው

አንድ ቁጥር ለ9 ያለቀሪ ይካፈል እንደሆነ ለማወቅ አሃዞቹን መደመር ይበቃል። የ4,572 አሃዞች 4፣ 5፣ 7 እና 2 ሲደመሩ 18 ይሆናሉ። 18 ለ9 ስለሚካፈል 4,572ም ይካፈላል፤ ድርሻው 508 ነው። ለ3ም ደንቡ ያው ነው፤ የአሃዞቹ ድምር ለ3 ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል። ይህን ደንብ አብዛኛው ሰው በትምህርት ቤት አውቆታል፤ ምክንያቱን ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያስታውሱት። ምክንያቱ ደግሞ ከደንቡ ይልቅ ለማስታወስ ይቀላል።

4,572 ብር ለዘጠኝ ሰዎች እኩል ይካፈላል እንበል። ገንዘቡ በሺህ፣ በመቶና በአስር ብር ታስሯል፤ ሁለት ብር ደግሞ በዝርዝር አለ። አንዱ የሺህ ብር እስር ተፈትቶ ለዘጠኙ ሲታደል እያንዳንዱ 111 ብር ይደርሰዋል። የታደለው 999 ብር ስለሆነ 1 ብር ይተርፋል። የመቶ ብሩ እስር ለእያንዳንዱ 11 ብር አድርሶ እንዲሁ 1 ብር ያስተርፋል። የአስሩ ብርም ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ብር ሰጥቶ 1 ብር ይቀረዋል። እስሩ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ከእያንዳንዱ የሚተርፈው ሁልጊዜ አንድ ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ከአራቱ የሺህ እስሮች 4 ብር፣ ከአምስቱ የመቶ እስሮች 5 ብር፣ ከሰባቱ የአስር እስሮች 7 ብር ይተርፋል፤ መጀመሪያም በዝርዝር የነበረው 2 ብር አለ። የተራረፈው ሲሰበሰብ 4+5+7+2 ይሆናል፤ ይህም የአሃዞቹ ድምር ነው። 18 ብር ለዘጠኝ ሰው ሁለት ሁለት ብር ሆኖ ያልቃል፤ የሚቀርም የለም።

በሒሳብ አጻጻፍ ነገሩ ይህን ይመስላል፦

4,572 = (4×999 + 5×99 + 7×9) + (4+5+7+2)

በመጀመሪያው ቅንፍ ውስጥ ያለው ሁሉ የ9 ብዜት ነው። የ9ም ሆነ የ3 ጉዳይ የሚወሰነው በሁለተኛው ቅንፍ ብቻ ነው፤ 9፣ 99 እና 999 ለ3ም ያለቀሪ ይካፈላሉና።

ከዚህ የሚገኘው እውቀት ከትምህርት ቤቱ ደንብ ይሰፋል። የአሃዞቹ ድምር «ይካፈላል» ወይም «አይካፈልም» ብሎ ብቻ አያቆምም፤ ስንት እንደሚቀርም ይናገራል። 4,575 ቢወሰድ ድምሩ 21 ነው፤ 21 ለ9 ሲካፈል 3 ይቀራል፤ ስለዚህ 4,575 ራሱ ለ9 ሲካፈል የሚቀረው 3 ነው። 3 ደግሞ ለ3 ይካፈላልና ይኸው ቁጥር ለ3 ያለቀሪ ይካፈላል ማለት ነው። ለ9 የሚካፈል ሁሉ ለ3 ይካፈላል፤ ለ3 የሚካፈል ሁሉ ግን ለ9 አይካፈልም።

ለ7 ተመሳሳይ ደንብ የሌለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተካፋዮቹ ሰባት ቢሆኑ ከአስሩ እስር 3 ብር፣ ከመቶው 2 ብር፣ ከሺሁ 6 ብር ይተርፋል። ትርፉ ከእስር እስር ስለሚለያይ አሃዞቹን እንዲሁ መደመር ትርጉም አይሰጥም። 14 ለ7 ይካፈላል፤ የአሃዞቹ ድምር 5 ግን አይካፈልም። 9ን ልዩ ያደረገው ከአስር በአንድ ማነሱ ነው፤ ይህም በአስር በአስር ከመቁጠራችን የመጣ እንጂ ከአጻጻፉ የመጣ አይደለም። በግእዝ ቁጥር ባዶ የለም፤ ቤትም የለም። ሆኖም ፫፻፵፯ ሲታይ ፻ን አልፎ፣ ፵ን እንደ 4 ወስዶ 3+4+7 ቢደመር 14 ይመጣል፤ ቀሪውም 5 ነው። 347ን በሌላው አሃዝ ጽፎ ከሚገኘው ጋር አንድ ነው።

ቀሪውን ማወቅ የሚጠቅመው የተሠራ ሒሳብን ለመፈተን ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰሉ ሊቃውንት ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፈው ቀሪውን እንደሚይዙ ሁሉ፣ እዚህም እያንዳንዱ ቁጥር በ9 ይገደፍና ቀሪው ብቻ ይያዛል። ዘዴው የቆየ ነው። በመካከለኛው ዘመን በዓረቡ ዓለም የህንድ አሃዝ ሲስፋፋ ስሌት የሚሠራው ብዙ ጊዜ በአቧራ ሰሌዳ ላይ ነበር፤ ስሌቱ ወደፊት በሄደ ቁጥር የኋላው እየተጠረገ አዲሱ ይጻፋል። መጨረሻ ላይ ውጤቱ ብቻ ይቀራል፤ መንገዱን ተመልሶ ማየት አይቻልም። በ952 አካባቢ ደማስቆ ላይ የሒሳብ መጽሐፉን የጻፈው አል-ኡቅሊዲሲ ሰሌዳው ቀርቶ በቀለምና በወረቀት እንዲሠራ ያሳሰበ ሰው ነው። መንገዱ ለጠፋ ስሌት ደግሞ መነሻውንና መድረሻውን ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ያስፈልገዋል፤ ዘጠኝን መግደፍ እንዲህ ያለ ፈተና ነው። ጣሊያናዊው ፊቦናቺም በ1202 «ሊበር አባቺ» በተባለው መጽሐፉ ለነጋዴዎች ስሌት ሲያስተምር በዚሁ ይፈትናል።

347 በ268 ሲባዛ 92,996 ይመጣል። ይህን ለመፈተን መጀመሪያ ሁለቱ አባዢዎች ይገደፋሉ። 3+4+7 = 14፤ አሁንም 1+4 = 5። 2+6+8 = 16፤ አሁንም 1+6 = 7። ሁለቱ ቀሪዎች 5 እና 7 ተባዝተው 35 ይሆናሉ፤ 3+5 = 8። ቀጥሎ ውጤቱ ይገደፋል። በ92,996 ውስጥ ያሉት ሦስት ዘጠኞች ምንም ስለማይለውጡ ይታለፋሉ፤ የቀሩት 2 እና 6 ተደምረው 8 ይሆናሉ። 8 እና 8 ስለገጠሙ ስሌቱ ፈተናውን አልፏል። የሚገጥሙበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ 347 ማለት 9×38+5፣ 268 ማለት 9×29+7 ነው። ሲባዙ ዘጠኝ ያለበት ሁሉ የ9 ብዜት ይሆንና ከ9 ውጭ የሚቀረው 5×7 ብቻ ነው።

ለመደመርም አሠራሩ ይኸው ነው፤ ቀሪዎቹ በመባዛት ፈንታ ይደመራሉ። በመቀነስ የላይኛው ቀሪ ካነሰ 9 ይጨመርበታል። የማካፈል ስሌት የሚፈተነው ወደ ማባዛት ተመልሶ ነው። 8,345 ለ23 ሲካፈል ድርሻው 362፣ ቀሪው 19 ነው። የ23 ቀሪ 5፣ የ362 ቀሪ 2 ነው፤ ብዜታቸው 10 ሲገደፍ 1 ይሆናል። የ19 ቀሪ 1 ሲጨመር 2 ይመጣል። የ8,345 አሃዞች ድምር 20 ነው፤ ሲገደፍ እሱም 2 ይሆናል።

አሁን ደግሞ የማባዛቱ ስሌት ይበላሽ። 347 በ6 ሲባዛ 2,082 መሆን ሲገባው የተያዘው ቁጥር በአንድ አንሶ ተደምሮ 2,072 ተጻፈ እንበል። ጠቅላላው 92,896 ይሆናል። የአሃዞቹ ድምር 34፣ ቀሪውም 7 ነው፤ የሚጠበቀው 8 ነበር። ስሕተቱ ተያዘ። በውጤቱ ውስጥ አንድ አሃዝ ብቻ ከተሳሳተ ፈተናው ሁልጊዜ ይይዘዋል፤ የሚያመልጠው በ9 ፈንታ 0 ወይም በ0 ፈንታ 9 ሲጻፍ ብቻ ነው።

የሚያሳስበው ሌላው ስሕተት ነው፤ እሱም ብዙ ሰው የሚሠራው ነው። በረጅም ማባዛት ሁለተኛው መስመር አንድ ቤት ወደ ግራ መግባት አለበት። ይህ ቢረሳና 20,820 መሆን የሚገባው 2,082 ሆኖ ቢደመር ውጤቱ 74,258 ይሆናል። ከትክክለኛው በ18,738 ያንሳል፤ ስሕተቱ እጅግ ትልቅ ነው። ሲገደፍ ግን 7+4+2+5+8 = 26፣ ቀሪውም 8 ነው። ፈተናው «ልክ ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። እንዳያየው ያደረገው ደንቡን ያስገኘው ነገር ራሱ ነው፤ አሃዝ በየትኛውም ቤት ቢቀመጥ ቀሪው ያው ስለሆነ፣ ቤት መሳሳቱን ፈተናው ሊያውቅ አይችልም። 92,996 በግልባጭ ጎረቤት አሃዞች 92,969 ተብሎ ቢጻፍም እንዲሁ ያልፋል። ስለዚህ ቀሪዎቹ ካልገጠሙ ስሌቱ በእርግጥ ተሳስቷል፤ ወይም አገዳደፉ ራሱ ተሳስቷል። ከገጠሙ ግን «ስሕተት አልተገኘም» እንጂ «ልክ ነው» ማለት አይቻልም። እንዲያው በዘፈቀደ ከተጻፈ ውጤትም ከዘጠኝ አንዱ ያህል ሳይያዝ ያልፋል።

ይህ ጉድለት በሒሳብ መዝገብ ሥራ ላይ ወደ ጥቅም ይለወጣል። የዴቢትና የክሬዲት ድምር አልገጥም ሲል ልምድ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ ልዩነቱን ለ9 ያካፍለዋል። 5,840 የነበረው 5,480 ተብሎ ከተመዘገበ ልዩነቱ 360 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 40 ይሆናል። 40 መሆኑ የተዘዋወሩት የመቶ ቤትና የአስር ቤት አሃዞች እንደሆኑ፣ በሁለቱ አሃዞች መካከል ያለው ልዩነትም 4 እንደሆነ ይጠቁማል፤ 8 እና 4። 450 ብር አንድ ባዶ ተጨምሮበት 4,500 ከተባለ ደግሞ ልዩነቱ 4,050 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 450 ራሱ ተመልሶ ይመጣል። ልዩነቱ ለ9 ሲካፈል መገኘቱ ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ያሳያል እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ አንድ ባለ 90 ብር ደረሰኝ ሳይመዘገብ ቢቀርም ልዩነቱ ለ9 ይካፈላል።

ዘጠኝ የማያየውን የቤት ስሕተት አስራ አንድ ያየዋል። 10 ከ11 በአንድ ያንሳል፤ 100 ደግሞ 9×11+1 ነው፤ 1,000 እንደገና ከ11 ብዜት በአንድ ያንሳል። ስለዚህ ከቀኝ ተነስቶ አሃዞቹን አንዱን እየደመሩ ቀጣዩን እየቀነሱ መሄድ የ11ን ቀሪ ይሰጣል። ለ347፣ 7−4+3 = 6፤ ለ268፣ 8−6+2 = 4። ብዜታቸው 24 ነው፤ 22 ሲገደፍ 2 ይቀራል። ለትክክለኛው 92,996፣ 6−9+9−2+9 = 13፣ ቀሪው 2፤ ገጠመ። ቤቱን ለሳተው 74,258 ግን 8−5+2−4+7 = 8 ይመጣል። አሃዞቹ ለተዘዋወሩበት 92,969ም 19፣ ማለትም 8 ይመጣል። ሁለቱም ተያዙ። ፊቦናቺ ከ9 ሌላ በ7፣ በ11 እና በ13 መፈተንን ያስተማረው ያለምክንያት አልነበረም። በ9 እና በ11 አብሮ የተፈተነ ስሌት ተሳስቶ የሚያልፈው የስሕተቱ መጠን የ99 ብዜት ሲሆን ብቻ ነው፤ ለምሳሌ አንድ ቁጥር ሁለት ቤት ሙሉ ወደ ጎን ሲንሸራተት፣ ወይም 92,996 በሚለው ውስጥ በመካከላቸው አንድ አሃዝ ያለ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩና 92,699 ተብሎ ሲጻፍ።