ከሀዲዱ የሚወጣ የቁም ሳጥን በር፦ ለባለሙያው ምን ብለን እንጻፍ?

«የቁም ሳጥኑ በር ተበላሽቷል፤ መጥተው ይዩልኝ» የሚል መልእክት የደረሰው ባለሙያ ምን ይዞ እንደሚመጣ አያውቅም። መጥቶ አይቶ፣ ለክቶ፣ ጎማ ፍለጋ ተመልሶ ይሄዳል። ይህን ምልልስ የሚያስቀረው ባለቤቱ አስቀድሞ በሩን ቀረብ ብሎ ማየቱ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ክብደቱ የት እንዳረፈ ነው። ብዙ ተንሸራታች በሮች ከታች ባሉ ሁለት ጎማዎች ላይ ይሄዳሉ፤ የላይኛው ሀዲድ በሩን ቀጥ አድርጎ ይይዛል እንጂ አይሸከምም። ከላይ የሚንጠለጠሉም አሉ፤ የእነሱ ጎማ ሌላ ዓይነት ነው።

ቀጥሎ ሀዲዱን በደንብ ጠርጎ በሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብሎ መግፋት ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ከወጣ፣ ሀዲዱ እዚያ ጋ ጎብጧል ወይም ያሰረው ብሎን ብቅ ብሏል፤ አዲስ ጎማ አያድነውም። የሚወጣበት ቦታ ከተለያየና በሩ እየተንገጫገጨ ከሄደ ግን ጥርጣሬው ወደ ጎማው ይዞራል።

በሩን ለማየት ብሎ ብቻውን የሚያወርድ ሰው ግን አደጋ ላይ ነው። ቁመቱ 2.20፣ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ በር ብቻውን 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት ሲለጠፍበት 20 ኪሎ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ጎማውን ከታች በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል።

እንዲህ ያለውን በር የመረመረ ሰው የሚከተለውን ሊጽፍ ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን ሁለት ተንሸራታች በር አለው፤ ያስቸገረው ፊተኛው፣ መስታወት ያለበት ነው። 2.20 በ1 ሜትር ነው፤ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር። ጎማዎቹ ከታች ናቸው። የግራው ከሀዲዱ ይወጣል፤ ቦታው ይለያያል። ሀዲዱን ጠርጌ አይቼዋለሁ፣ አልጎበጠም። በሩን ወደ ግራ ስዘጋው ከላይ ይገጥማል፣ ከታች ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይቀራል። የከፍታ ማስተካከያውን ብሎን ባዞረውም በሩ ከፍ አይልም። የጎማውንና የሀዲዱን ፎቶ ልኬያለሁ። በሩን ለማውረድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።»

ከታች የቀረው ክፍተት ለባለሙያው ብዙ ይነግረዋል። በሩ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ አዘንብሏል ማለት ነው። ብሎኑ ቢዞርም ከፍ አለማለቱ ደግሞ ችግሩ የመላላት ብቻ እንዳልሆነ ይጠቁማል። ፎቶው የጎማው ጠርዝ ጎድጓዳ ይሁን ጉብ ያለ ያሳየዋል፤ ከሀዲዱ ቅርጽ ጋር የማይገጥም ጎማ አዲስም ቢሆን ይወጣል።

የሚገዛው ጎማ ይህን 50 ኪሎ የሚችል መሆን አለበት። ሁለቱንም አንድ ላይ መቀየር ይሻላል፤ ያረጀው ከአዲሱ ጋር ሲሆን ከፍታቸው ይለያይና በሩ እንደገና ያዘነብላል። ሂሳብ ከመከፈሉ በፊት በሩ ተዘግቶ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑ ይታይ።