«ፈራሁት» እና «ፈራሁለት»፦ ለሌለ ሰው ስለማልቀስ



እዚህ አብነት ሰፈር መጥቼ እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የአንዲት ጎረቤታችን ቤት ነው። ያደግሁት ከዚህ አዳራሽ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ በግቢው ሬዲዮ የነበራቸው እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ በሚተርክበት ሰዓት ሴቱም ልጁም እርሳቸው ቤት ይሰበሰባል። ምስር የምትለቅመው ሰፌዷን፣ የምትፈትለውም እንዝርቷን ይዛ ትመጣለች። በዛብህ የሞተ ዕለት ግን ሰፌዱም እንዝርቱም ቆመ። ጎረቤታችን ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ከተሰበሰቡት አንዷ፣ «ኧረ እትዬ፣ ድርሰት እኮ ነው!» አለቻቸው። እርሳቸውም «ድርሰት መሆኑ ጠፍቶኝ ነው?» ብለው መለሱላትና ለቅሷቸውን ቀጠሉ።

የዛሬው ጥያቄ በዚህች መልስ ውስጥ ያለ ነው። ለአንድ ሰው የምናዝነው መከራ እንደደረሰበት ስናምን ይመስለናል። ጎረቤታችን በዛብህ የሚባል ሰው እንዳልኖረ ያውቃሉ። ሆኖም እንባቸው እውነተኛ እንባ ነው። ሦስቱን በአንድነት ማጽናት አይቻልም፤ አንዱ መውደቅ አለበት። የትኛው?

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኮሊን ራድፈርድ በ1975 እ.ኤ.አ. ይህን ጥያቄ ሲያነሣ ስለ እህቱ መከራ አሳዛኝ ታሪክ ነግሮን ሲያበቃ «እህት እንኳ የለኝም» የሚል ሰው አስቡ ብሎ ነበር። እኔ ነገሩን ወደ መርካቶ ላምጣው። አንድ ሰው አውቶቡስ ተራ አጠገብ ያገኘኛል። ወንድሙ አገር ቤት እንደሞተና ለቀብር የሚደርስበት መሳፈሪያ እንደሌለው ይነግረኛል። አዘንኩለት፤ ሰጠሁትም። በሳምንቱ እዚያው ቦታ ያንኑ ታሪክ ለሌላ ሰው ሲነግር ሰማሁት። ኀዘኔ በዚያችው ቅጽበት ጠፋ፤ ይልቁንም አዘንኩበት። በቋንቋችን «ለት» ወደ «በት» ለመለወጥ አንዲት ፊደል ትበቃለች፤ ስሜቱ ግን ተገለበጠ። የሰውየው ወንድም አለመኖሩ ኀዘኔን ካጠፋው፣ የበዛብህ አለመኖር የጎረቤታችንን ኀዘን ስለምን አላጠፋውም? ራድፈርድ የደረሰበት መደምደሚያ ደፋር ነው፦ ማዘናችን የሰው ባሕርይ ነው፤ ነገር ግን እርስ በርሱ የሚጋጭና ምክንያት የለሽ ነው አለ።

ከሦስት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ኬንዳል ዋልተን በሌላ መንገድ መጣ። አስፈሪ ፊልም የሚመለከት አንድ ሰው ያስቀምጥልናል። በመጋረጃው ላይ አንድ አረንጓዴ ዝልግልግ ፍጡር ወደ ተመልካቹ ይመጣል፤ ሰውየው ወንበሩን ጨምድዶ ይይዛል፣ ልቡም ይመታል። ግን ተነሥቶ አይሮጥም። ስለዚህ፣ ይላል ዋልተን፣ የያዘው እውነተኛ ፍርሃት ሳይሆን ፍርሃት መሰል ነው፤ ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ጭቃውን እንጀራ ነው እንደሚሉት ሁሉ፣ ተመልካቹም በጨዋታው ውስጥ ይፈራል።

ስለ ፍርሃት ይህ አባባል ጉልበት አለው። ስለ ኀዘን ግን አይሠራም፤ ምክንያቱን ለማየትም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከዚህ ትንሽ ወጣ ብለን የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። ጣሊያኖች በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በጥይት እንደገደሏቸው ሁላችንም እናምናለን። ታሪካቸውን ሰምተን ስናዝን ምን እናደርጋለን? ወደ ፋሽስቱ ጦር አንሮጥም፣ ጥይቱንም አንከላከልም። ኀዘን ከሰው የግድ ሥራ አይጠይቅም፤ ለሞተ ሰው የሚሠራም የለም። እንግዲህ አለመንቀሳቀሳችን ኀዘናችንን ሐሰተኛ የሚያደርገው ከሆነ፣ በታሪክ ለምናውቃቸው ሰማዕታት ያለን ኀዘንም ሐሰተኛ ሊሆን ነው።

ፍርሃትንም ቢሆን ቋንቋችን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ፈላስፎቹ አማርኛ ቢያውቁ ኖሮ ብዙ ገጽ በተረፋቸው ነበር። «ፈራሁት» ስል አደጋው ወደ እኔ ነው። «ፈራሁለት» ስል አደጋው ወደ ሌላው ነው። የዋልተን ተመልካች ፍጡሩን «ፈራሁት» የሚል ነው፤ መሮጥ የሚጠበቅበትም ስለዚህ ነው። ልብ ወለድ አንባቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያድርበት «ፈራሁለት» ነው። ሰብለ ወንጌል በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ከአባቷ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ስትጓዝ፣ ያ የሬዲዮ ጉባኤ የፈራው ለራሱ ሳይሆን ለእርሷ ነበር። የሚሮጥበትም ቦታ የለውም።

ፒተር ላማርክና ኖኤል ካሮል የሰጡት መልስ ከሁሉ ይልቅ ያሳምነኛል፦ ስሜት እንዲነሣ እምነት የግድ አያስፈልግም፣ ሐሳብ ይበቃል። ገደል አፋፍ ቆሞ መውደቅን ያሰበ ሰው እንደማይወድቅ እያወቀ ጉልበቱ ይርዳል። በዛብህ አለመኖሩን እያወቅን ሞቱን በአሳባችን ስንይዝ የሚያሳዝነን ያ የያዝነው ነገር ነው።

ታዲያ የአውቶቡስ ተራው ሰው? ልዩነቱ በተሰጠን ነገር ላይ ይመስለኛል። እርሱ እመነኝ ብሎኛል፤ ኀዘኔ በእምነቴ ላይ ቆሞ ነበርና እምነቱ ሲነሣ ወደቀ። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን መጽሐፋቸውን በ1958 ዓ.ም. ሲያወጡ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ነው የሰጡን። አስቀድሞ ያልተደገፍንበት ነገር ቢነሣ አንወድቅም።

ይህ ማለት የልብ ወለድ ኀዘን አይሰበርም ማለት አይደለም። የሚሰበርበት ቦታ ሌላ ነው። ስለቱን ለመፈጸም ወላጆቹ ከሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገው በዛብህ በመጨረሻው ሰዓት እንደ ከተማ ነጋዴ ቢናገር ኖሮ የጎረቤታችን እንባ ወዲያው በደረቀ ነበር። «እንዲህስ አይሆንም» የሚለው ቃል «ይህ አልሆነም» ከሚለው ይልቅ ይገድለዋል። አርስቶትልም ገጣሚ ሊሆን የማይችለውን የሚያሳምን አድርጎ ቢያቀርብ ይሻላል ማለቱ ለዚሁ ነው።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ከፈላስፎች ሳይሆን ከለቅሶ ቤት የሚመጣ። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው የራሱን ሙት ነው ይባላል። ጎረቤታችንም ልጃቸውን ቀብረዋል። ምናልባት በዛብህ ሰበብ ሆኖላቸው እንደሆነስ? በከፊል እውነት ይመስለኛል። ነገር ግን ሰበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ «ሰብለ እንዴት ትሆን ይሆን?» ብለው ባላሰቡ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ የቀበርኩት ሰው አልነበረም፤ አልቅሻለሁ ግን።

ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ መጽሐፉን ለእርሳቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፤ ፊደል አልቆጠሩምና። መጨረሻውን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ሰብለ በዛብህን የምታገኘው በሞት አፋፍ ላይ እንደሆነ፣ ኋላም ሁለቱ በአንድ መቃብር እንደሚያርፉ ያውቃሉ። ሰብለ መንገድ የጀመረችበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን ወደ መጽሐፉ ጠጋ ብለው፣ «ፈጠን በይ እንጂ ልጄ» አሏት።