ገበያው ሲወርድ የወጣው መስመር

እ.ኤ.አ. 2022 ለአሜሪካ አክሲዮን ገዢዎች ክፉ ዓመት ነበር። የአምስት መቶ ትልልቅ ኩባንያዎችን ዋጋ የሚለካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ወደ 19 በመቶ ወረደ። የነዳጅ ኩባንያዎች ግን በዚያው ዓመት ከግማሽ በላይ ጨመሩ። ገንዘቡ ወዴት እያመራ እንደሆነ ለማየት አንዲት ማካፈል ትበቃ ነበር።

የኤስ ኤንድ ፒ ኩባንያዎች በ11 ዘርፎች ተመድበዋል። ለእያንዳንዱም ዘርፍ እንደ አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ፈንድ አለው፤ የነዳጁ XLE ይባላል፣ ጠቅላላውን ገበያ የሚከተለው ደግሞ SPY። ቻርት በሚያሳዩ ድረ ገጾች ላይ XLE/SPY ተብሎ ሲጻፍ የአንዱ ዋጋ ለሌላው ተካፍሎ መስመር ሆኖ ይወጣል። መስመሩ ከወጣ ነዳጁ ገበያውን እየቀደመ ነው፤ ከወረደ ወደ ኋላ እየቀረ ነው።

በ2021 መጨረሻ ሁለቱም 100 ነበሩ እንበል። ከዓመት በኋላ XLE 158 ገደማ፣ SPY 80 ገደማ ደረሱ። ሲካፈል ከ1 የተነሳው መስመር 2 ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ደግሞም ሩሲያ ዩክሬንን የወረረችው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ሲሆን፣ መስመሩ ግን በጃንዋሪ ሽቅብ ይዞ ነበር።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ የወጣ መስመር ሁሉ ትርፍ ይመስላቸዋል። የመብራት፣ የጋዝና የውሃ አቅራቢዎችን የያዘው XLU በዚያው ዓመት መስመሩ አንድ አምስተኛ ያህል ወጥቶለታል። የፈንዱ ዋጋ ግን በጥቂቱ ወርዷል። ዋጋው ከገበያው ያነሰ ወረደ እንጂ አልጨመረም። ስለዚህ እኔ ከማካፈሌ በፊት የዘርፉን የራሱን ዋጋ አያለሁ፤ እየወረደ ከሆነ መስመሩ የቱንም ያህል ቢያምር አልገባም።

ዘርፉ ከተመረጠ በኋላ ማካፈሉ አንድ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል፤ አሁን የሚካፈለው ኩባንያው ለዘርፉ ነው። ኤክሶን በ2022 ከ100 ወደ 180 ገደማ ሲያድግ ሼቭሮን 153 አካባቢ ቆመ። ሁለቱም አትርፈዋል፤ ዘርፉን የቀደመው ግን ኤክሶን ብቻ ነው። እግረ መንገዴን፣ ሁለቱ ብቻቸውን ከXLE ከሲሶ በላይ ይይዛሉ። የ«ዘርፉ» ጥንካሬ የእነሱ ብቻ እንዳይሆን ትንንሾቹንም ማየት ያሻል።

መንገዱም አባጣ ጎርባጣ ነበር። የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ስጋት የድፍድፍ ነዳጅን ዋጋ ሲጥለው፣ XLE ከጁን መጀመሪያ እስከ ጁላይ አጋማሽ ሩብ ያህል ወደቀ፤ መስመሩም አብሮት። የየዕለቱን ቻርት ይዞ የነበረ ሰው ሸጦ ቢወጣ አይፈረድበትም። መስመሩ ግን ያኔም ከዓመቱ መነሻ በእጅጉ ከፍ ብሎ ነበር፣ በሳምንታዊው ቻርት ይህ ጎልቶ ይታያል።

መስመሩ ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አያውቅም። የ2022ን ውጤት አይቶ በዓመቱ መጨረሻ ነዳጅ የገዛ ሰው በ2023 ዋጋው ጥቂት ወረደበት፤ ቴክኖሎጂው ከግማሽ በላይ ሲጨምር የXLE/SPY መስመር ወደ ሩብ የሚጠጋውን አጣ።