ጽዋው ከንፈር ሲነካ ተራውን ልቀቁ

ሁለት ደራስያን በየተራ እየጻፉ የላሊበላን ትውፊት ልብ ወለድ ያደርጉታል እንበል፦ ሮሐ ላይ፣ እህቱ መርዝ ያጠጣችው ወጣት። አንዱ እኔ ነኝ፤ ላሊበላ የእኔ ገጸ ባሕርይ ነው፤ እህቱ የባልደረባዬ። ጽዋው ከንፈሩን ሲነካ አቆማለሁ። «እጇ በጸጸት ተንቀጠቀጠ» ብዬ ብቀጥል የእሷን ልብ እኔ ወሰንኩላት፤ ታሪክ መንጠቅ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ከትረካው ወጥቼ ባልደረባዬን ባጭሩ እጠይቃለሁ፦ ትጮህ ይሆን? ዝም ብላ ታየዋለች? ወይስ ከደጅ ሰው ይገባል? የመንገዶቹ መዘዝ መለያየት አለበት፤ ሦስቱም ወደ አንድ ትዕይንት የሚያደርሱ ከሆነ ምርጫ አልሰጠሁም። ከጥያቄው አልፌ ውጤቱን አልጽፍም። ባልደረባዬ አራተኛ መንገድ ይዞ ከመጣ ደግሞ ያሰብኩትን ትቼ የእሱን እከተላለሁ።