በወር 8,640 ብር፦ አምስት ቀን ዘግይቶ መክፈል ስንት ያስወጣል?

ልብስ ማጠቢያ ማሽን ልትገዙ አንድ የቤት ዕቃ መደብር ገብታችኋል እንበል። ማሽኑ ላይ ሁለት ዋጋ ተለጥፏል። በትንሹ የተጻፈው 48,000 ብር ይላል፤ በትልቁ የተጻፈው ደግሞ «በወር 8,640 ብር፣ ለ6 ወር»። ሻጩ ስልካችሁን አውጥታችሁ መተግበሪያ እንድትከፍቱ ይነግራችኋል፣ መታወቂያችሁ ይታያል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ «እስማማለሁ» የሚለውን ትነካላችሁ፤ ማሽኑ ቤት ይገባል።

ዱቤ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሰፈር ባለሱቅ ደብተሩ ላይ ጽፎ ደመወዝ እስኪወጣ ይጠብቃል። የዳሽን ባንክ አሁን ገዝቶ ቆይቶ የመክፈል አገልግሎትም ስሙን «ዱቤ አለ» ያለው ይህንኑ ይዞ ነው። ልዩነቱ ባለሱቁ «ደመወዝ አልገባም፣ ሰኞ እከፍልሃለሁ» ሲባል መስማቱ ነው። ሲስተሙ ግን ቀኑን ብቻ ያያል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት መነበብ ያለበት «በወር ስንት» የሚለው ሳይሆን የክፍያ ሰሌዳው ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የአንድ ድርጅት ዋጋ አይደሉም፤ ስሌቱን ለማሳየት የወሰድናቸው ናቸው። የእናንተን ውል በእጃችሁ ይዛችሁ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ የመክፈያ ቀን፣ ዋና ገንዘብ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ወርሃዊ ክፍያና ቀሪ ዕዳ የሚሉ ዓምዶች አሉት። በእኛ ምሳሌ የአገልግሎት ክፍያው 8 በመቶ ነው፤ የ48,000 ብር 8 በመቶ 3,840 ብር ይሆናል። ሁለቱ ተደምረው 51,840 ብር፣ ለስድስት ሲካፈል በወር 8,640 ብር። ከዚህ ውስጥ 8,000ው የማሽኑ ዋጋ፣ 640ው የአገልግሎት ክፍያ ነው።

8 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን «ቀሪ ዕዳ» የሚለውን ዓምድ ከላይ ወደ ታች አንብቡት፦ 48,000፣ 40,000፣ 32,000፣ 24,000፣ 16,000፣ 8,000። ሙሉው 48,000 ብር በእጃችሁ የቆየው ለአንድ ወር ብቻ ነው። በስድስቱ ወራት በአማካይ የተበደራችሁት 28,000 ብር ሲሆን፣ 3,840 ብር የከፈላችሁት ለዚህ ገንዘብ ነው። ለግማሽ ዓመት ወደ 14 በመቶ ይመጣል፤ በዓመት ሲታሰብ 27 በመቶ ገደማ። ክፍያው የሚሰላው በየወሩ እየቀነሰ ከሚሄደው ዕዳ ላይ ሳይሆን ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ በመሆኑ ነው ይህ የሆነው። ከባንክ ብድር ጋር ልታወዳድሩ ከፈለጋችሁ ማወዳደር ያለባችሁ 27ቱን እንጂ 8ቱን አይደለም። (የአገልግሎት ክፍያ የለም ከተባላችሁ ደግሞ ያንኑ ዕቃ በጥሬ ገንዘብ ስንት እንደሚሸጡ፣ ጎረቤት ያለው መደብርም ስንት እንደሚሸጥ ጠይቁ። ክፍያው አንዳንዴ ዋጋው ውስጥ ይደበቃል።)

እስከዚህ ድረስ ያለው ወጪ ቢያንስ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። ያልተጻፈው ቀን ሲያልፍ የሚመጣው ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቀን አቆጣጠር ነው።

ደመወዛችሁ በየወሩ በ28 ይገባል እንበል። ማሽኑን የገዛችሁት ሰኔ 28፣ ደመወዝ በገባ ዕለት ነው። ውሉ «በየ30 ቀኑ» ይላል። የመጀመሪያው ክፍያ ሐምሌ 28፣ ሁለተኛው ነሐሴ 28፤ ሁለቱም ከደመወዝ ጋር ገጠሙ። ሦስተኛውስ? መስከረም 28 ነው ካላችሁ ጳጉሜን ረስታችኋል። ከነሐሴ 28 በኋላ 30 ቀን ሲቆጠር ሁለቱ በነሐሴ፣ አምስቱ በጳጉሜ ያልቃሉ፤ የቀረው 23 ነው። ክፍያው መስከረም 23 ላይ ይወድቃል፤ ደመወዝ ግን ገና አምስት ቀን ይቀረዋል። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥም ሁሉም በ23 ናቸው። አንድ ጊዜ የተዛባው ቀን ተመልሶ አይስተካከልም። ሰሌዳው በፈረንጅ ቀን ወር በገባ በ5 ተብሎ ቢሠራም ጥቅምት ወር ላይ 5 ማለት የእኛ መስከረም 25 ስለሚሆን ያው ክፍተት ይፈጠራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ እንቁጣጣሽ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና መስቀል ኪስ ባራገፉበት ወር ነው።

አሁን ቅጣቱን እናስላ። ውሉ «ቀኑ ካለፈ ካልተከፈለው ላይ 5 በመቶ ይቀጣል» ይላል እንበል። መስከረም 23 አለፈ፤ የ8,640 ብር 5 በመቶ 432 ብር ተጨመረ። እናንተ በ28 ደመወዝ ሲገባ 8,640 ብር ላካችሁ፤ የወሩን ከፈልን ብላችሁም ተዋችሁት። ሲስተሙ ግን ገንዘቡን የሚያወራርደው በውሉ ቅደም ተከተል ነው፦ አስቀድሞ ቅጣት፣ ቀጥሎ የአገልግሎት ክፍያ፣ በመጨረሻ ዋና ገንዘብ። ከላካችሁት ላይ 432ቱን ለቅጣት ስለወሰደ ለወሩ ክፍያ የደረሰው 8,208 ብር ነው። 432 ብር ውዝፍ ቀረ።

ጥቅምት 23 ሲደርስ የሚፈለግባችሁ 8,640 ሳይሆን 9,072 ብር ነው። አሁንም በ28 ልትከፍሉ ነው፤ ቅጣቱ የ9,072 ብር 5 በመቶ፣ 453 ብር ከ60 ሳንቲም። እናንተ እንደተለመደው 8,640 ላካችሁ፤ ውዝፉ 885 ብር ከ60 ሆነ። በኅዳር ቅጣቱ 476 ብር ከ28 ሳንቲም ሆኖ ውዝፉን ወደ 1,361 ብር ከ88 ያደርሰዋል። በታኅሣሥ ቅጣቱ 500 ብር ከ9 ሳንቲም ነው።

ስድስት ጊዜ 8,640 ብር ከፍላችኋል። አንድም ወር አልዘለላችሁም። ታኅሣሥ 28 ጨረስን ስትሉ ስልካችሁ ላይ 1,861 ብር ከ97 ሳንቲም ይቀራል የሚል መልእክት ይመጣል። ሙሉው ቅጣት ነው፤ ካልተከፈለም እንደ ውሉ ማደጉን ይቀጥላል። ከአገልግሎት ክፍያው ጋር ሲደመር 48,000 ብር የነበረው ማሽን 5,700 ብር ያህል ጨምሯል፤ ከዋጋው 12 በመቶ ገደማ።

በዚህ ምሳሌ ቅጣቱ የታሰበው ከዘገየው ክፍያ ላይ ነው። አንዱን ቃል ቀይሩትና «ከቀሪው ዕዳ ላይ 5 በመቶ» በሉት። መስከረም 23 ላይ ያልተከፈለው ዋና ገንዘብ 32,000 ብር ስለሆነ የዚያች የአምስት ቀን መዘግየት ቅጣት 432 መሆኑ ቀርቶ 1,600 ብር ይሆናል። በውሉ ውስጥ ከማንኛውም መስመር አስቀድማችሁ መፈለግ ያለባችሁ ይህን ነው፤ 5 በመቶው ከምን ላይ ነው? ቀጥሎ አንድ ጊዜ ነው ወይስ በየቀኑ? የችሮታ ቀንስ አለው? ሻጩ «ብዙም አይደለም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። «8,640ውን አምስት ቀን ባዘገይ ስንት ብር ትጠይቁኛላችሁ?» ብላችሁ በብር እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ቁጥሩን መናገር ካልቻለ ለሚያውቀው ሰው ይደውል፤ እናንተም እስኪደወል አትፈርሙ።

ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችሁ «እኛ ጋ ወለድ የለውም» ሊሏችሁ ይችላሉ። የስዊድኑ ክላርናና የአውስትራሊያው አፍተርፔይ በሰፊው ያስተዋወቁት አከፋፈል ለአራት የተከፈለ ነው፦ ሩቡን ሲገዙ፣ ቀሪውን በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ጊዜ። ድርጅቶቹ ከሻጩ ኮሚሽን ስለሚወስዱ ገዢው በቀኑ ከከፈለ ተጨማሪ አይጠየቅም። ከቀኑ ሲያሳልፍ ግን እዚያም ቅጣት አለ፤ ደመወዝ በወር አንድ ጊዜ ለሚገባለት ሰው ደግሞ የሁለት ሳምንቱ ልዩነት እንደ እኛ ጳጉሜ ነው።

መፍትሔው በአመዛኙ ያለው በግዢው ቀን ላይ ነው። በ28 ደመወዝ የሚገባላችሁ ከሆነ በዚያው ዕለት አትግዙ። ያንኑ ማሽን ሰኔ 8 ብትገዙት ክፍያው ሐምሌ 8፣ ነሐሴ 8፣ ከዚያም ጳጉሜ ገፍታው መስከረም 3 ይሆናል። ነሐሴ 28 የገባው ደመወዝ ይደርስለታል፤ ጥቅምት 3 የሚወድቀውም መስከረም 28 ከገባው ይከፈላል። አምስት ቀን ወደ ኋላ ቢሳብም ከደመወዝ በኋላ መሆኑ አይቀርም። ቀኑን መምረጥ ካልቻላችሁ የመክፈያ ቀናቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈው እንዲሰጧችሁ ጠይቁና ከደመወዝ ቀናችሁ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ከነሐሴ 28 እስከ መስከረም 28 ሠላሳ አምስት ቀን መሆኑን ያየ ቤተሰብ የመስከረሙን 8,640 ከነሐሴው ደመወዝ ላይ ለይቶ ያስቀምጣል። ክፍያው ከሂሳባችሁ በራሱ የሚቆረጥ ከሆነም ገንዘቡ ከዋዜማው ጀምሮ ሂሳቡ ላይ ይኑር፤ ጠዋት የሚቆርጥ ሲስተም ከሰዓት የገባ ደመወዝ አያገኝም።

አንዴ ከዘገያችሁ ደግሞ የወሩን ክፍያ ብቻ አትላኩ። ከመላካችሁ በፊት «ዛሬ ውዝፉን በሙሉ ልዝጋ ብል ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ፣ በእኛ ምሳሌ 9,072 ብሩን አንድ ላይ ላኩ። 432 ብሩ የሚቆጫችሁ ቢሆንም ሌላ ቅጣት አይወልድም።

ገንዘብ አግኝታችሁ ቀድማችሁ ልትጨርሱ ካሰባችሁም ሌላ ጥያቄ አለ። ከሦስተኛው ክፍያ በኋላ ቀሪው ዋና ገንዘብ 24,000 ብር ነው፤ የቀሪዎቹ ሦስት ወራት የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ 1,920 ብር። ይህ 1,920 ይሰረዛል ወይስ ይጠየቃል? የሚጠየቅ ከሆነ ቀድሞ መክፈል ምንም አያተርፍላችሁም፤ ገንዘቡን ሂሳባችሁ ላይ አስቀምጣችሁ በየቀኑ መክፈል ይሻላችኋል። የሚሰረዝ ከሆነ ግን ያንኑ ዕለት ዝጉት።

የመጨረሻውን ክፍያ ስትፈጽሙ ቀሪ ዕዳው ዜሮ መሆኑን መተግበሪያው ላይ አይታችሁ የስክሪኑን ፎቶ አስቀምጡ፤ ከዕዳ ነፃ የሚል ወረቀት የሚሰጡ ከሆነም ተቀበሉ። ከጀርባው ባንክ ያለበት ዱቤ እንደ ማንኛውም ብድር ሊመዘገብ ስለሚችል፣ የተረሳ ጥቂት መቶ ብር ከዓመታት በኋላ የቤት ወይም የመኪና ብድር ስትጠይቁ ፊታችሁ ሊመጣ ይችላል።