ሶላሩ በራ፣ ጣሪያው አፈሰሰ

ባለፈው ዓመት ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ ሶላር መግዣ ላክን። መብራቱ በራ። ክረምት ሲገባ ግን «ልጄ፣ አልጋዬ ላይ ጠብ ጠብ ይላል» ብላ ደወለች።

ጣሪያው ላይ የወጣው ሌላ ባለሙያ ችግሩን ወዲያው አገኘው። ፓነሉን የያዙት ብሎኖች የገቡት በቆርቆሮው ቦይ ነው። የዝናብ ውሃ የሚወርደው ደግሞ በቦዩ ነው። ብሎን መግባት ያለበት በጉብታው አናት ላይ ሲሆን፣ ከሥር ያለውን የእንጨት ማገርም መያዝ አለበት። ቆርቆሮውን ብቻ ከያዘ፣ ነፋስ ፓነሉን ባነሳው ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል።

ብሎኑ ጋልቫናይዝድ፣ ሮንዴላውም ጎማ ያለው ይሁን። ጎማው ከሮንዴላው ጠርዝ ትንሽ ብቅ እስኪል ብቻ ያጥብቁት፤ ከዚያ ካለፈ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ጉብታውም ይጨፈለቃል። ሲበሳ የሚረግፈው የብረት ፍርፋሪ በዚያው ቀን ይጠረግ። እዚያው ከቀረ ይዝጋል፣ ቆርቆሮውንም ያበላሻል።

እኛ የተበሱትን ሁለት ቆርቆሮዎች ቀየርን። ዘንድሮ የሚያስገጥሙ ከሆነ፣ ፓነሉ ሳይጫን በፊት ብሎኖቹ ላይ ባልዲ ውሃ ይፍሰስ፤ አንድ ሰውም ከውስጥ ሆኖ ይመልከት። የብሎኖቹንም ፎቶ ያስልኩ፤ ፓነሉ ከተጫነ በኋላ አይታዩም።