«ከ … የተነሣ»፤ የግነት ስድብ ቀመርና አዲስ የማውጣት ዘዴ

«ከ … የተነሣ» የሚለው አያያዥ በተለምዶ ምክንያት አመልካች ተብሎ ይፈታል። «ከዝናቡ የተነሣ ወንዙ ሞላ» ሲባል ፍቺው ያለ ችግር ይሠራል። ነገር ግን በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ እንደ ሌላውም አማርኛ ተናጋሪ አገር ሁሉ፣ እኩዮች በተረብ ሲሸሟጠጡ ይኸው አያያዥ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ የአንድን ጠባይ መጠን ይለካል። መዝገበ ቃላት ይህን ሥራውን ለይቶ ካላሳየ፣ ተርጓሚ ልኩን ምክንያት አድርጎ ይተረጉመዋል፤ ስድቡም ተራ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ልዩነቱን በሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንመልከት። «ከመንቀርፈፉ የተነሣ አውቶቡስ አመለጠው» የሚለው ምክንያትን ይነግረናል። «ከመንቀርፈፉ የተነሣ ከደባርቅ ጥጃ ነድቶ ቢወጣ፣ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ በሬ ሸጠ» የሚለው ግን የቀርፋፋነቱን ልክ ያሳየናል። የሁለቱ አያያዥ አንድ ነው፤ የሚለያቸው ውጤቱ ነው። ውጤቱ ሊሆን የሚችል ሲሆን ሰሚው ምክንያትን ይረዳል፤ የማይሆን ሲሆን ግን ምክንያቱን ትቶ ልኩን ይፈልጋል።

የቀመሩ አሠራር ቀላል ነው። «ከ» ላይ ባለቤቱን ከሚያመለክት ምዕላድ ጋር የጠባዩ ስም ይገባል፤ ይኸውም «ከመንቀርፈፉ»፣ «ከመንቀርፈፍህ»፣ «ከንፍገቷ» እንደሚባለው ነው። ቀጥሎ «የተነሣ» ይመጣል፤ በመጨረሻም ውጤቱ ይነገራል። አማርኛ ግሡን ከመጨረሻ ስለሚያስቀምጥ፣ የማይሆነው ነገር ሳይገለጥ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ሊቆይ ይችላል።

አዲስ ለማውጣት መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ጠባይ በምን ይለካል?» የሚለው ነው። መንቀርፈፍ የሚለካው በጊዜ ነው። ስለዚህ በአካባቢው ጊዜን በዓይን የሚያሳይ ነገር እንፈልጋለን፤ ጥጃ እያደገ የሚሄድ ፍጥረት በመሆኑ ለዚህ ይመቻል። ከዚያ መንገዱን እንመርጣለን። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከብት ለሚነዳ ሰው የጥቂት ቀን ጉዞ መሆኑን ሰሚው ያውቃል። ጥጃው በሬ ለመሆን 4 ዓመት ፈጀ ብንል፣ ሰውየው በቀን የተጓዘው 70 ሜትር ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ስሌት ተናጋሪው አይናገረውም፤ ሰሚው በልቡ ይሠራዋል። የሚያስቀውም ይኸው ነው።

ቀመሩ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ማብራራት ነው፤ «ጥጃው መንገድ ላይ ብዙ ዓመት ስለ ቆየ አድጎ በሬ ሆነና ተሸጠ» ቢባል የሰሚው ሥራ ያልቃል። ሁለተኛው ውጤቱ ከጠባዩ ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ነው። «ከመንቀርፈፉ የተነሣ ሰማይ ተቀደደ» ቢባል ግነቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የሚለካው ነገር የለም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የፊተኛውን ክፍል ሸፍኖ ውጤቱን ብቻ ማንበብ ነው። «እንግዳ ሲመጣበት የጠላውን ጋን ከፍቶ ሽታውን ያጠጣል» የሚለውን ብቻ የሰማ ሰው ንፍገትን እንጂ ሌላ ጠባይን አያስብም። ስለዚህ «ከንፍገቱ የተነሣ» ከፊቱ ቢገባ በሚገባ ይቆማል።

ቀመሩ ወሰን አለው። ተረብ የእኩዮች ጨዋታ ነው፤ አንቱ በሚባል ሰው ላይ ቢነገር ድፍረት ይሆናል። ደግሞም ሰው ሊያርመው የሚችለውን ጠባይ ሲለካ ጨዋታ ይሆናል፤ የአካል ጉዳትን፣ ዘርን ወይም የእጅ ሥራን ሲነካ ግን ጨዋታነቱ ይቀራል። በደጋው ሸማኔ፣ አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ለዘመናት የተሸከሙት ንቀት ስላለ፣ በእነርሱ ሙያ ላይ የተነገረ ግነት እንደ ግነት ሳይሆን እንደ እምነት ሊሰማ ይችላል።

እንግዲህ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ «ከ … የተነሣ» ሁለት ፍቺ ይሻል እንላለን፤ አንዱ ምክንያት፣ ሁለተኛው የማይሆን ውጤት ሲከተለው መጠን። ለተርጓሚም ሥራው በዚሁ ይወሰናል። ከእንግሊዝኛ የመጣውን «በጣም ቀርፋፋ ነው፤ ስለዚህ…» ብሎ ቢጀምር ልኩ ወደ ምክንያት ይመለሳል። ጠባዩን በ«ከ» አስሮ፣ የማይሆነውን ግሥ ለመጨረሻ ቢያቆየው ግን የአማርኛው ቀመር ራሱ ይሠራለታል። ጥጃና ገበያ በማያውቅ ሕዝብ ቋንቋ ሲተረጉም ደግሞ ጥጃውን ሊለውጠው ይችላል፤ መለኪያው ጊዜ መሆኑን ግን መለወጥ የለበትም።